ሦስት አራሚ፣ 300 የታሪክ ድርሰት

ጥያቄ፦ «ጅማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። 11ኛ ክፍል ላይ 6 ሴክሽን፣ ወደ 300 ተማሪ አለን። ለሴሚስተሩ ማጠቃለያ ከ20 የሚያዝ አንድ የድርሰት ጥያቄ አውጥተን ሦስት መምህራን እናርማለን። ተማሪዎቹ ‹እገሌ እጅ የገባ አለቀለት› ማለት ጀምረዋል። ስማቸውን ሸፍነን ብናርም ይበቃል? ወይስ ሁሉም ወረቀት ሁለቴ ይታረም? ለዚያስ ጊዜ ከየት ይመጣል?»

ስም መሸፈን ብቻውን አይበቃም። ሁሉንም ሁለቴ ማረም ደግሞ አያስፈልግም። መሃል ላይ አንድ መንገድ አለ። ለእያንዳንዳችሁ የሚጨምርባችሁ ሥራ ከአንድ ከሰዓት በኋላ ብዙም አይበልጥም።

መጀመሪያ የተማሪዎቹን ቅሬታ ልብ በሉት። «ስሜን አይቶ ቀነሰብኝ» አላሉም። «እገሌ እጅ የገባ» ነው ያሉት። ስም መሸፈን አራሚው ልጁን እንዳያውቅ ያደርጋል። አራሚው እጁ የሚጠብቅ ሰው ከሆነ ግን ስም ኖረም አልኖረም ይጠብቃል። ጉዳዩ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ስታርች እና ኤሊየት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1913 አንድ የታሪክ ፈተና ወረቀት አባዝተው ለብዙ የታሪክ መምህራን ላኩ። ወረቀቱ ያው አንድ ነው። ከ100 ከ50 በታች የሰጠ መምህር ነበር፤ ወደ 90 ያደረሰም ነበር። ልጁን ግን አንዳቸውም አያውቁትም። ስለዚህ ሁለት ሥራ አለባችሁ፦ ልጁን መደበቅ እና አራሚዎቹን ማቀራረብ።

ከመደበቁ ልጀምር። እኛ አገር ስም ብዙ ይናገራል። የልጁንና የአባቱን ስም ያነበበ ሰው ጾታውን ያውቃል፣ ሃይማኖቱን ይገምታል፣ ብሔሩንም ይገምታል። የታሪክ ድርሰት ላይ ይሄ ከሒሳብ የበለጠ ያስቸግራል። አራሚው ሳያስበው «ይሄ ልጅ እንዲህ የሚለው ከዚህ ስለሆነ ነው» ብሎ ማንበብ ይጀምራል። ስለዚህ ስም ይሸፈን። ግን ስሙን ብቻ ሸፍኖ ሴክሽኑንና ሮል ነምበሩን መተው ከንቱ ድካም ነው። ሮል ነምበር የሚሰጠው በፊደል ተራ ነው። 3 ቁጥር አብዲ ወይ አበበ እንደሆነ የክፍሉ መምህር በቃሉ ያውቃል። ሴክሽንም ይናገራል። «ኤ ክፍል ጎበዞቹ ናቸው» የሚባልበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ሴክሽኑን ያየ አራሚ መጀመሪያውኑ ከፍ ካለ ቦታ ይነሳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የመልስ ወረቀቱ አናት ላይ በመስመር የተለየች ቁራጭ ይኑር። ልጁ ስሙን፣ ሴክሽኑንና ሮል ነምበሩን እዚያ ላይ ብቻ ይጽፋል። ፈተናው አልቆ ወረቀቱ ሲሰበሰብ የስድስቱም ሴክሽን ወረቀት አንድ ላይ ይደባለቅ። ከዚያ ታሪክ የማያስተምር ሰው፣ የሪከርድ ቢሮ ሠራተኛ ወይም የሌላ ትምህርት ክፍል መምህር፣ ባለ ሦስት አኃዝ ኮድ ሁለት ቦታ ይጻፍበት። አንዱ ቁራጯ ላይ፣ አንዱ ወረቀቱ ላይ። ከዚያ ቁራጯ ትቀደድና ፖስታ ውስጥ ትገባለች። ፖስታው እርማቱ እስኪያልቅ ለአራሚ አይከፈትም። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛነፍ። መጀመሪያ ማደባለቅ፣ ቀጥሎ ኮድ መስጠት፣ መጨረሻ ላይ መቅደድ። ሳይደባለቅ ኮድ ከተሰጠ ከ1 እስከ 50 ያለው ኤ ክፍል መሆኑን ለማወቅ ሊቅ መሆን አይጠይቅም።

እዚህ ላይ የሚበላሹት ነገሮች ይታወቃሉ። አንዱ ተጨማሪ ወረቀት ነው። ልጁ ሁለተኛ ወረቀት ጠይቆ ከጻፈ ኮዱ እዚያም ላይ መኖር አለበት፤ ያለዚያ የድርሰቱ ግማሽ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። ሌላው አንድ ኮድ ለሁለት ልጅ መስጠት ነው። መቆጣጠሪያው ቆጠራ ነው። ከመቀደዱ በፊት የወረቀቱ ብዛት ይቆጠር፣ ከተቀደደ በኋላ የቁራጩ ብዛት ይቆጠር፣ ሁለቱም ከተፈታኞች የፊርማ ዝርዝር ጋር ይመሳከሩ። 298 ፈርመው 297 ቁራጭ ከተገኘ እርማት አይጀመር። ቁራጯ የምትገኘው ያኔ ነው። ሳምንት ካለፈ አትገኝም።

ከስም ሌላ ልጁን የሚያጋልጡ ነገሮችም አሉ። ብዙ ተማሪ ወረቀቱ አናት ላይ «በስመ አብ» ወይም «ቢስሚላህ» ይጽፋል። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ቲቸር እባክህ እየው፣ አሞኝ ነበር» የሚል ማስታወሻ ይጨምራል። ልጁ ክፉ አላሰበም። ስሙ የተሸፈነበትን ምክንያት ግን በአንድ መስመር አፈረሰው። ከፈተናው በፊት በየክፍሉ ንገሯቸው፦ ከመልሱ በስተቀር ምንም አትጻፉ፣ ጸሎታችሁን በልባችሁ አድርሱ። የእስክሪብቶ ቀለምም ለሁሉም አንድ ይሁን።

የእጅ ጽሕፈት ግን አይሸፈንም። የራሳችሁን ተማሪ ጽሕፈት፣ በተለይ የጎበዞቹንና የሰነፎቹን፣ ታውቁታላችሁ። አንዳንድ ትምህርት ቤት መፍትሔው «የራስህን ሴክሽን አታርም» የሚል ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ለእናንተ አልመርጠውም። ምክንያቱን ቆይቼ ቁጥሩ ላይ ስንደርስ አሳያለሁ። ሦስት መቶውን ደባልቃችሁ እንደ ካርታ አከፋፍሉት፤ ለእያንዳንዱ አራሚ መቶ። አራሚው «ይሄ የእገሊት ጽሕፈት ነው» ብሎ ካወቀ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጎ ከጓደኛው አንድ ወረቀት ጋር ይለዋወጥ። ስሙን ጮክ ብሎ መናገር የለበትም። መለዋወጥ ብቻ።

አሁን ከባዱ ጋ ደረስን፤ አራሚዎቹን ማቀራረቡ ጋ።

ጥያቄያችሁ እንዲህ ነው እንበል፦ «የጅማ መንግሥት ለምኒልክ ከገበረ በኋላ የውስጥ አስተዳደሩን ይዞ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ የቻለው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1932ስ ለምን አበቃ?» እዚህ ከተማ ያለ ልጅ ጅሬን ያለውን ቤተ መንግሥት ሲጎበኝ ያደገ ስለሆነ የሚጽፈው አያጣም። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ብዙ የሚያውቅ ልጅ ሁሉ ጥያቄውን መልሷል ማለት አይደለም።

ለእርማቱ የነጥብ አከፋፈል ያስፈልጋችኋል። እኔ የምመርጠው አጭሩን ነው። ለጥያቄው ቀጥተኛ መልስ 4፣ ለማስረጃ 8፣ ማስረጃውን ከምክንያቱ ጋር ለማያያዝ 6፣ ለአቀራረብ 2። ከዚህ በላይ ብትከፋፍሉት አራሚው ቀድሞ በልቡ 13 ብሎ ሳጥኖቹን 13 እስኪሞሉ ያስተካክላቸዋል። ይሄን ሁላችንም አይተነዋል።

አከፋፈሉ ብቻ ግን አያስማማችሁም። የሚያስማማችሁ አብሮ ማረም ነው። ከሦስት መቶው ስድስት ወረቀት ምረጡ። ሁለት ደካማ፣ ሁለት መካከለኛ፣ ሁለት ጠንካራ የሚመስሉ። መብራት ባለበት ሰዓት ለሦስታችሁም ፎቶ ኮፒ አስነሱ። ከዚያ እያንዳንዳችሁ ለብቻ አርሙና ነጥቡን በየራሳችሁ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሁሉም ጽፎ ሳይጨርስ ወሬ የለም። ይህቺ ትንሽ ሥርዓት ናት ሥራውን የምትሠራው። መጀመሪያ የሚናገረው አንጋፋው መምህር ከሆነ ሌሎቹ ቁጥራቸውን ወደሱ ያስጠጋሉ። በመከባበር የሚጠፋ ነጥብ ብዙ ነው።

ሁለት ወረቀት ቀረብ ብለን እንይ። አንደኛው ሁለት ገጽ ተኩል ነው። ጽሕፈቱ ያምራል፣ እንግሊዝኛው ለስላሳ ነው። አባ ጅፋር ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1878 እንደነገሡ፣ ግብር ይከፍሉ እንደነበር፣ የሂርማታ ገበያ ትልቅ እንደነበር፣ ቤተ መንግሥቱ ጅሬን እንደሆነ፣ በ1932 እንዳበቃ ዘርዝሯል። «ስለዚህ» የሚል ቃል ግን የትም የለበትም። ሁሉም እውነት ነው፣ ግን ለምን ለሚለው መልስ አይሰጥም። ሁለተኛው አንድ ገጽ ነው። ሰዋስዉ ይንገዳገዳል። ሐሳቡ ግን ይሄ ነው፦ ንጉሡ ሳይዋጉ ቀድመው ስለገበሩ ጅማ በጦርነት እንደተያዙት አጎራባች አገሮች ወታደር አልሰፈረባትም። ገበያዋና ንግዷ ግብር ስለሚያስገባ እንዳለች መተው ለማዕከሉ ይጠቅመው ነበር። በኋላ የአዲስ አበባው መንግሥት ሁሉንም በቀጥታ ማስተዳደር ሲፈልግ ውሉ ዋጋ አጣ።

ሦስት አራሚዎች ለመጀመሪያው 16፣ 11፣ 12፤ ለሁለተኛው 9፣ 14፣ 13 ቢሰጡ አይግረማችሁ። የመጀመሪያው አራሚ ያረመው እንግሊዝኛውንና የእጅ ጽሕፈቱን ነው። ውይይቱ መሆን ያለበት ስለዚህ ነው። «አንተ ለምን 16 ሰጠህ» ተብሎ አይጠየቅም። «ለማያያዝ ከተሰጠው 6 ስንት ሰጠህ? የትኛው መስመር ላይ አገኘኸው?» ነው የሚባለው። መስመሩን ማሳየት ያልቻለ ነጥቡን ይቀንሳል። በመጨረሻ ለመጀመሪያው 12፣ ለሁለተኛው 14 ተስማማችሁ እንበል። እነዚህ ስድስት ወረቀቶች ከተስማማችሁበት ነጥብና ከአንድ አንድ መስመር ምክንያት ጋር ጠረጴዛችሁ ላይ ይቀመጡ። እርማቱ መሃል ላይ ስትጠራጠሩ የምታመሳክሩት ከእነሱ ጋር ነው።

በዚያው ስብሰባ ቀድማችሁ የምትወስኗቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። አንዱ የዘመን አቆጣጠር ነው። 1932 ብሎ የጻፈም 1924 ብሎ የጻፈም ልጅ ሊኖር ይችላል። ሁለተኛው በእኛ አቆጣጠር ከሆነ አልተሳሳተም። አንዱ አራሚ ይሄን አስተውሎ ሌላው ካላስተዋለ ልጁ ነጥቡን የሚያገኘው በዕጣ ነው። ሌላው አባ ጅፋር ቀዳማዊንና ዳግማዊን ማምታታት ነው። ስንት ይቀነስበታል? እኔ አንዴ 1 ብቻ ቀንሱ እላለሁ። ስሙ በተጠቀሰ ቁጥር አትቀንሱ። የእንግሊዝኛ ፊደል ግድፈትም ሐሳቡን እስካላጠፋ ድረስ አይቀነስበት። እዚህ ያሉት ልጆች ቤታቸው ኦሮምኛ ወይ አማርኛ እያወሩ መልሱን በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ናቸው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን አቋም ነው። አንዱ ልጅ ምኒልክ ያደረጉትን «ኮንኩዌስት» ይለዋል፣ ሌላው «ዩኒፊኬሽን»፣ ሦስተኛው «ኤክስፓንሽን»። ስም ብትሸፍኑም ይህቺ አንዲት ቃል አራሚውን ታስቆጣዋለች ወይም ደስ ታሰኘዋለች። ልጁ ከየት እንደሆነ የገመተ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜም ይሳሳታል። ስለዚህ በጽሑፍ ተስማሙ፦ ለቃሉ ነጥብ አይሰጥም፣ በቃሉም አይቀነስም። ወረራ ነበር ያለም አንድነት ነበር ያለም ማስረጃውን ካመጣና ካያያዘ ያው 6 አለው። ይሄ እርግጠኛ መሆን የምትችሉበት ነገር ይመስላችኋል። ከስድስቱ የልምምድ ወረቀት ውስጥ አንዱ እናንተ የማትስማሙበትን አቋም የያዘ ይሁን፣ ያኔ ታዩታላችሁ።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ መቶውን ይወስዳል። አንድ ደንብ ብቻ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ወረቀቱ ላይ ምንም አይጻፍ። ነጥብ የለም፣ ቀይ እስክሪብቶ የለም፣ ማስመርም የለም። ነጥቡ ኮዱ ባለበት ሌላ ቅጽ ላይ ይሰፍራል። ምክንያቱ ሁለተኛው አራሚ ነው። «8/20» ተጽፎበት ከቀይ መስመር ጋር የመጣ ወረቀት ያነበበ ሰው 14 ሊሰጥ አይደፍርም፤ ቢበዛ 9 ይለዋል። ያኔ ሁለት ሰው አረመው ይባላል እንጂ ያረመው አንድ ሰው ነው። አስተያየት ለተማሪው መጻፍ ከፈለጋችሁ ነጥቡ ከጸደቀ በኋላ ጻፉት።

ሌላው የራስ መንሸራተት ነው። ሰው ጠዋት ያረመበት እጅና ማታ የሚያርምበት እጅ አንድ አይደለም። አንዱ ሲደክመው ይለግሳል፣ አንዱ ሲደክመው ይናደዳል። በተከታታይ ሦስት ደካማ ድርሰት ካነበባችሁ በኋላ የሚመጣው መካከለኛ ድርሰትም ወርቅ ይመስላችኋል። ለዚህ ሃምሳ ላይ ስትደርሱ ቁሙና መጀመሪያ ያረማችኋቸውን አምስቱን የነጥብ ቅጹን አጥፋችሁ እንደገና አርሙ። ልዩነቱ 1 ከሆነ ቀጥሉ። አምስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ በ2 ከተንሸራተቱ ቡና ጠጡና ስድስቱን የልምምድ ወረቀቶች እንደገና አንብቡ። ከዚያ እጃችሁ የተለወጠው የቱ ጋ እንደሆነ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ፈልጉ።

እርማቱ ሲያልቅ ሞደሬሽን ይመጣል። ከእያንዳንዱ አራሚ መቶ ወረቀት አሥር ይውጣ። የሚመርጠው አራሚው ራሱ አይሁን። ከላይ ሦስት፣ ከመሃል አራት፣ ከታች ሦስት። እነዚያን አሥር ሌላው አራሚ የመጀመሪያውን ነጥብ ሳያይ ያርማቸዋል። ከዚያ ሁለቱ ቅጾች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

በምሳሌ እንየው። ሦስቱን አራሚዎች ከበደ፣ ቶላ እና ሰሚራ እንበላቸው፤ ስሞቹን ለምሳሌ ያህል ነው ያመጣኋቸው። የከበደ መቶ ወረቀት አማካይ 12.1፣ የቶላ 10.2፣ የሰሚራ 12.0 ሆነ። ወረቀቱ ተደባልቆ ስለታደለ መቶው ከመቶው ብዙ ሊለይ አይገባውም። በግማሽ ነጥብ ቢለያይ ዕድል ነው እንላለን። ወደ 2 የሚጠጋ ነጥብ ግን ዕድል አይደለም። የራስን ሴክሽን አለማረም የሚለውን ያልመረጥኩት ለዚህ ነበር። ሴክሽን ለይታችሁ ብታከፋፍሉ ኖሮ ቶላ «የደረሱኝ ልጆች ደካማ ናቸው» ቢል ማንም መልስ አይኖረውም።

አማካዩን ብቻ ያየ ሰው «ቶላ ጥብቅ ነው፣ ሌሎቹ ደህና ናቸው» ብሎ ይዘጋዋል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ትምህርት ክፍል የሚሳሳተው። አሥር አሥሩን ወረቀት ተመልከቱ። የቶላ ነጥብ ከሁለተኛው አራሚ ሲነጻጸር በአሥሩም ላይ ዝቅ ይላል። በስድስቱ በ2፣ በሁለቱ በ3፣ በሁለቱ ደግሞ በ1። የሰሚራ ልዩነት ግን እንዲህ ነው፦ በ4 ከፍ፣ በ3 ዝቅ፣ እኩል፣ በ5 ከፍ፣ በ4 ዝቅ፣ በ1 ከፍ፣ በ2 ዝቅ፣ በ3 ከፍ፣ በ5 ዝቅ፣ በ1 ከፍ። ደምሩት፤ ዜሮ ይመጣል። አማካይዋ ከከበደ ጋር የተቀራረበው ስለዚህ ነው። ግን አንዱ ልጅ 5 ነጥብ ያለአግባብ አግኝቷል፣ ሌላዋ ልጅ 5 አጥታለች። ተማሪዎች የሚያሙት ቶላን ነው። ጉዳት ያለው ግን ሰሚራ ጋ ነው።

የቶላ ችግር ይስተካከላል። አሥሩን ወረቀት ቁጭ ብላችሁ ስታዩ ለማስረጃ ከ8 ከ6 በላይ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። «ሙሉ ነጥብ ለመጽሐፉ ነው» የሚል የድሮ አስተማሪ ልማድ ነው። ስለዚህ 2 መጨመር ምክንያት አለው። ለሁሉም በጅምላ ግን አይጨመርም። ልዩነቱ 1 ብቻ የሆነባቸው ሁለቱ ወረቀቶች ከታች የተወሰዱት ናቸው፤ ማስረጃ የሌለው ልጅ በቶላ ልማድ ብዙ አልተጎዳም። ስለዚህ ከ10 በላይ ለሆኑት 2 ይጨመር። 10 እና ከዚያ በታች ያሉት ግን እንደገና ይነበቡ። ማለፊያው 10 ስለሆነ የ8ና የ9 ልጅ በሒሳብ ብቻ እንዲያልፍ ወይም እንዲወድቅ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ጥብቁ ሰው ትክክል ሊሆንም ይችላል። ቶላ የተስማማችሁበትን አከፋፈል ተከትሎ ከሆነና ሌሎቹ ማስረጃ ሳይቆጥሩ ከለገሱ መውረድ ያለበት የእነሱ ነጥብ ነው። ዳኛው ያ የስድስቱ ወረቀት ስምምነት ነው። ሁለት ለአንድ ስለሆኑ ብቻ ሁለቱ አያሸንፉም።

ለሰሚራ ወረቀት የሚጨመርም የሚቀነስም ቁጥር የለም። ልዩነቱ አቅጣጫ የለውም። መፍትሔው አንድ ነው፤ መቶው እንደገና ይታረም፣ ለሁለቱ ሃምሳ ሃምሳ። ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ከማድረጋችሁ በፊት ግን ምክንያቱን ፈልጉ። አንዳንዴ ከፍ ያሉት ሁሉ የአንድ አቋም ድርሰቶች፣ ዝቅ ያሉት የሌላው ሆነው ይገኛሉ። አንዳንዴ ግማሹ አርብ ማታ በድካም የታረመ ነው፤ ያኔ የሚደገመው ያ ግማሽ ብቻ ይሆናል። ይሄን ለማወቅ የነጥብ ቅጹ ላይ የታረመበትን ቀን መጻፍ ይበቃል።

ሁለት አራሚ ሲለያዩ መሃሉን መውሰድ የተለመደ ነው። በ1 ወይ በ2 ከተለያዩ ይሁን፣ አማካዩን ውሰዱ። ልዩነቱ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን መሃሉ ማንም ያላነበበው ነጥብ ነው። አንዱ 8፣ ሌላው 16 ብሎ 12 ቢጻፍለት፣ ልጁ ወይ ለ8 ወይ ለ16 የቀረበ ድርሰት ጽፎ ሳለ 12 ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ወረቀት ሦስተኛው ሰው ያንብበው፣ የሁለቱን ነጥብ ሳያይ።

ጊዜውን እናስላ። አንድ ወረቀት በ6 ደቂቃ ቢታረም መቶው 10 ሰዓት ነው፤ ይሄን አሁንም ትሠሩታላችሁ። የስድስቱ ወረቀት ስብሰባ 2 ሰዓት፣ አምስቱን መድገም ግማሽ ሰዓት፣ የሌላውን አሥር ማረም 1 ሰዓት፣ ቅጾቹን ማነጻጸር ግማሽ ሰዓት። ጠቅላላ ጭማሪው 4 ሰዓት። ሁሉንም ሁለቴ ብታርሙ ለእያንዳንዳችሁ ሌላ 10 ሰዓት ነበር። በዚያ ላይ ስብሰባው ከሌለ ሁለት የተለያየ እጅ ነው የሚያርመው፤ ማንኛው ልክ እንደሆነ የሚነግራችሁ ነገር አይኖርም።

የዘንድሮው ወረቀት ታርሞ ካለቀና ቀይ እስክሪብቶ ካረፈበት አሁንም የሚሠራ ነገር አለ። ከየአራሚው አሥር ምረጡና ነጥቡ በወረቀት ቁራጭ ተሸፍኖ ኮፒ ይነሳ። ቅሬታ ላቀረበ ተማሪም እንዲሁ ይደረግለት፤ ኮፒውን ያላረመው መምህር ያንብበው። ልጁ ማመልከቻውን ሳያስገባ ግን ነጥቡ ሊጨምርም ሊቀንስም እንደሚችል ይነገረው። ነጥቡ ሮስተር ላይ ከመግባቱ በፊት እንዲያመለክትም ሁለት ወይ ሦስት ቀን ስጡት።